በ200 ፊደል የሚጻፍ የትውውቅ ማስታወሻ፦ ስለ አወቃቀሩና ስለ ቋንቋው

(ለፋኩልቲው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና መምህራን በተዘጋጀው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ)



የዛሬው ርዕሰ ጉዳዬ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ነው። በሊንክድኢን ላይ የማናውቀውን ሰው «እንተዋወቅ» ብለን ስንጠይቅ ከጥያቄው ጋር የምናያይዘውን ማስታወሻ ማለቴ ነው። ለብዙ ዓመታት ጽሕፈትን ሳስተምር ስለ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ስለ ማመልከቻና ስለ ምርምር ንድፈ ሐሳብ ብዙ ተናግሬአለሁ። ይሁንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ዛሬ ከማያውቁት ተመራማሪ ጋር መጀመሪያ የሚገናኙት ከእነዚህ በአንዱም አይደለም። የሚገናኙት በሦስትና በአራት ዓረፍተ ነገር ነው። እነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ሳያስበው የሻጭ ቃና ይይዛሉ። ለምን እንደሚይዙና እንዴት ተዋቅረው ቢጻፉ እንደማይዙ በአንድ ምሳሌ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ወስጄ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ማስታወሻው በተቀባዩ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ እንመልከት። ተቀባዩ ማስታወሻውን ብቻውን አያገኘውም። ከጎኑ ስማችሁን፣ ፎቶግራፋችሁን፣ ከስማችሁ ሥር ደግሞ ስለ ራሳችሁ ያሰፈራችሁትን አጭር መግለጫ ያያል። ስለዚህ «ስሜ እገሌ ይባላል፤ በእገሌ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ» ብሎ መጀመር አንባቢው አሁን ያየውን ደግሞ መንገር ነው። ከስም ሥር ያለው መግለጫ ባዶ ከሆነ ወይም «ተማሪ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ማስታወሻው የቱንም ያህል ቢያምር ጉድለቱን አይሸፍነውም። ያንን መስመር አስቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል። ምን እንደምታጠኑ የሚናገሩ አራት ወይም አምስት ቃላት ይበቃሉ።

ቀጥሎ የቦታው ጥበት አለ። ማስታወሻው ለረጅም ጊዜ እስከ 300 ፊደል እንዲይዝ ይፈቀድ ነበር። አሁን 300ው ለከፋይ ደንበኞች ሆኖ በነፃ ለሚጠቀም ሰው 200 ብቻ ነው፤ በወር ሊላኩ የሚችሉት ባለማስታወሻ ጥያቄዎችም ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ተማሪ በነፃ ስለሚጠቀም እኔም የምነጋገረው ስለ 200ው ነው። እዚህ ላይ ግን ፊደላችን አንድ ጥቅም ይሰጠናል። የግእዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ «ጤፍ» ስንል ሁለት ቦታ ብቻ እንይዛለን፤ ያው ቃል በላቲን ፊደል አራት ይወስዳል። በዚያ ላይ «ከ»፣ «በ»፣ «ለ»ን የመሳሰሉት አገናኞቻችን በአብዛኛው ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ የምናባክነው ባዶ ቦታ ያንሳል። 200 ፊደል በአማርኛ ከሚገመተው በላይ ሰፊ ነው። ጥበቱን ለማስታወሻው ድክመት ማመካኛ ማድረግ አይቻልም።

አሁን ለዚህ ንግግር ብዬ ያቀናበርኩትን አንድ ማስታወሻ ላንብብላችሁ። የማንም ሰው ጽሑፍ አይደለም፤ ሆኖም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ይመስላችኋል።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤ ለሥራዎችዎ ያለኝ አድናቆት ከፍተኛ ነው። ትጉህና ታታሪ ተመራማሪ ነኝ። ከእርስዎ ጋር መገናኘት ለሁለታችንም ትልቅ ጥቅም ያስገኛል ብዬ አምናለሁ። 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ ሐሳቤን በስልክ ላብራራልዎት እችላለሁ።»

የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ትሕትናም አለው። ርዝመቱ 143 ፊደል ስለሆነ ረዝሟል አይባልም። ታዲያ ሲነበብ የሻጭ ቃል የሚመስለው ለምንድን ነው?

መልሱን የምንፈልገው ዓረፍተ ነገሮቹ ወደ ማን እንደሚያመለክቱ በማየት ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተቀባዩን ያሞግሳል፤ ሁለተኛው ላኪውን ያሞግሳል፤ ሦስተኛው ጥቅም ቃል ይገባል፤ አራተኛው ጊዜ ይጠይቃል። ማሞገስ፣ ራስን ማስተዋወቅ፣ ጥቅም መቁጠር፣ ከዚያም መጠየቅ፤ ይህ ቅደም ተከተል ዕቃ የያዘ ሰው በር አንኳኩቶ የሚናገርበት ቅደም ተከተል ነው። ጸሐፊው የሚሸጠው ነገር ባይኖረውም አንባቢው ቅደም ተከተሉን ስለሚያውቀው መጨረሻ ላይ ዋጋ ይጠብቃል። «15 ደቂቃ» የሚለው ቃል ሲመጣ የጠበቀው ዋጋ መጣ ማለት ነው።

ሌላም ፈተና አለ። «ዶክተር» የሚለውን ብቻ ለውጣችሁ ይህንኑ ማስታወሻ ለአንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ለአንድ አርክቴክት፣ ለአንድ የሕፃናት ሐኪም ላኩት። አንድም ቃል ሳይለወጥ ለሁሉም ይሆናል። ለሁሉም የሚሆን ማስታወሻ ለማንም እንዳልተጻፈ ተቀባዩ ወዲያው ይረዳል፤ በተለይ በሳምንት ብዙ ጥያቄ የሚደርሰው ሰው ከሆነ።

እዚህ ላይ አብዛኛው ተማሪ የሚያደርገው ማሻሻያ የተቀባዩን ጽሑፍ ርዕስ መጥቀስ ነው። «ስለ ጤፍ መጋሸብ ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብቤ እጅግ ተደንቄአለሁ» ይላል። ከቀድሞው ይሻላል፤ ግን እምብዛም አይደለም። ርዕሱ በተቀባዩ ገጽ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ጽሑፉን ሳይከፍቱ መቅዳት ይቻላል፤ ተቀባዩም ይህን ያውቃል። በአንድ ጊዜ ለመቶ ሰው የሚልኩ ሰዎችም ቢሆኑ የየሰዉን ርዕስ እየቀዱ ያስገባሉ። ርዕስ መጥቀስ የሚያሳየው ገጹን መጎብኘታችንን ነው፤ ማንበባችንን አያሳይም። «እጅግ ተደንቄአለሁ» የሚለው ደግሞ ምኑ እንዳስደነቀን ስለማይናገር ርዕሱን ይዞት ወደ ሙገሳው ይወርዳል።

ተለይቶ የሚታወቅ ማስታወሻ ስል ሁለት ነገር የያዘውን ማለቴ ነው። አንደኛ፣ በተቀባዩ ሥራ ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው ብቻ የሚያውቀው አንድ ነጥብ። ሁለተኛ፣ ያ ነጥብ ከላኪው ሥራ ጋር የሚነካካበት ቦታ። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ፈተና ያለፈ ተማሪ መልስ ይመስላል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ማስታወሻው ከዚያ ላኪ ለዚያ ተቀባይ ብቻ የሚሆን ይሆናል፤ ማሞገስም አያስፈልገውም።

ምሳሌውን በዝርዝር እንከተለው። ከግብርና ትምህርት የወሰድኩት ስለሆነ የመስኩ ሰዎች ይታገሡኝ። አንድ የማስተርስ ተማሪ ስለ ጤፍ መጋሸብ ያጠናል እንበል። መጋሸብ ማለት እንደምታውቁት አገዳው ፍሬውን መሸከም አቅቶት፣ ነፋስና ዝናብም ታክሎበት፣ ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ መተኛቱ ነው። የጤፍ አገዳ ቀጭን በመሆኑ ችግሩ የቆየ ነው፤ ማዳበሪያ ሲበዛም ይብሳል። ተማሪው ቁንጮ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ወጥቶ በሰፊው የተለመደውን ዝርያ፣ በአንድ ማሳ ላይ በመስመር፣ በሌላው ላይ በብተና ዘርቷል። የአገዳውን ውፍረት እየለካ የትኛው አዘራር አገዳውን እንደሚያጠነክር ማወቅ ይፈልጋል።

ችግሩ የገጠመው መስከረም ላይ ነው። ውፍረቱን አገዳው ላይ የት ቦታ፣ በየትኛውስ የዕድገት ደረጃ ነው የሚለካው? በውጭ አገር የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ባሳተሙት ጽሑፍ ከሥር ተቆጥሮ በሁለተኛው አንጓ ላይ መለካታቸውን አንብቧል። ጽሑፉ ግን የተለካው ሰብሉ ሲያብብ ይሁን ሲበስል አይናገርም። ኅዳር ላይ ሰብሉ ይታጨዳል፤ ከታጨደ በኋላ የሚለካ አገዳ የለም። በተሳሳተ ጊዜ ከለካ ውጤቱን ከእሳቸው ውጤት ጋር ማወዳደር አይችልም፤ እንደገና ለመለካት ደግሞ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ አለበት። ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ይህ አንድ ዓመት ነው። እንግዲህ የ200 ፊደሉ ማስታወሻ የተሸከመው ይህን ሁሉ ነው።

የመጀመሪያ ረቂቁ እንዲህ ያለ ቢሆን አልገረምም፦ «እኔ በዕፅዋት ሳይንስ ትምህርት ክፍል የማስተርስ ተማሪ ስሆን ስለ ጤፍ መጋሸብ ባሳተሙት ጽሑፍ መነሻነት ቁንጮ የተባለውን ዝርያ በመስመርና በብተና በመዝራት የአገዳውን ውፍረት በመለካት ላይ የምገኝ በመሆኑ በዚሁ ጉዳይ ላይ ከእርስዎ ጋር ለመገናኘት ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ይህ የማመልከቻ አማርኛ ነው። ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር ያለው ጽሕፈት ቤት ሁሉ ያስተማረን «ስሆን»፣ «በመሆኑ»፣ «ይፈቀድልኝ ዘንድ» ነው። በማመልከቻ ውስጥ ቦታ አለው፤ ምክንያቱም ማመልከቻው ከላዩ «ጉዳዩ፦» የሚል መስመር ስላለው አንባቢው የሚጠየቀውን አስቀድሞ ያውቃል። ማስታወሻው ላይ ግን የጉዳይ መስመር የለም። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አንባቢው ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ እስከ «እጠይቃለሁ» ድረስ መታገሥ ይኖርበታል። በስልክ መስኮት ላይ የሚያነብ ሰው ደግሞ እስከዚያ ላይደርስ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ወደ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መክፈል፣ እያንዳንዱም የራሱ ማሰሪያ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የመጨረሻው ቅርጽ ይኸውላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ስለ ጤፍ መጋሸብ ባሳተሙት ጽሑፍ የአገዳውን ውፍረት ከሥር በሁለተኛው አንጓ ለክተዋል። እኔም ለማስተርስ ጥናቴ ቁንጮን በመስመርና በብተና ዘርቼ እየለካሁ ነው። ሥራዎን መከታተል እፈልጋለሁ፤ ስለ አለካኩም አንድ አጭር ጥያቄ አለኝ።»

ቆጥሬዋለሁ፤ ከነባዶ ቦታውና ከነአራት ነጥቡ 160 ፊደል ነው። ከ«ዶክተር» ቀጥሎ የሚገባውን ስም እዚህ ትቼዋለሁ፤ እሱ ሲገባ ጥቂት ፊደላት ይጨምራል። ከዚያም በኋላ ቦታ ይተርፋል። የተረፈውን ቦታ እባካችሁ አትሙሉት። ተማሪዎቼ ባዶ ቦታ ሲያዩ ወዲያው የሚያስገቡት «ለሚያደርጉልኝ ትብብር ሁሉ በቅድሚያ አመሰግናለሁ» የሚለውን ነው። በቅድሚያ የቀረበ ምስጋና ገና ያልተፈቀደውን እንደተፈቀደ ይቆጥራል፤ ሰውየውንም ባለዕዳ ያደርገዋል።

አሁን ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ስለ ተቀባይዋ ነው፤ ነገር ግን ሙገሳ የለበትም። ያደረጉትን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። «በሁለተኛው አንጓ ለክተዋል» የሚለው ሐረግ ጽሑፉን እስከ አሠራሩ ክፍል ድረስ ያነበበ ሰው ብቻ የሚጽፈው ነው። ይህን ያየች ተመራማሪ ሥራዋ በጥንቃቄ መነበቡን ለማወቅ «ድንቅ ነው» መባል አያስፈልጋትም። ሁለተኛው ስለ ላኪው ነው፤ እሱም «ትጉህ ነኝ» አይልም። መስመርና ብተና ዘርቶ እየለካ ያለ ሰው ትጉህ ይሁን አይሁን አንባቢዋ ራሷ ትፍረድ። «እኔም» የምትለዋ ቃል ደግሞ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ታስተሳስራለች፤ ብትወጣ ማስታወሻው ሁለት ቦታ ይሰነጠቃል። በእኔ አስተያየት በጠቅላላው ጽሑፍ ውስጥ ከፍተኛውን ሥራ የምትሠራው ይህች «ም» ናት። ሦስተኛው ለምን መገናኘት እንደተፈለገ ይናገራል።

በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ክርክር አለ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር በመጀመሪያው ማስታወሻ ምንም አትጠይቁ፣ ተቀባዩ ከተቀበላችሁ በኋላ ጠይቁ የሚል ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። ጥያቄውን ራሱን በማስታወሻው ውስጥ ማስገባት ተገቢ አይደለም፤ ቦታም የለም፣ ያልተዋወቁትን ሰው ሥራ ማዘዝም ይሆናል። ጥያቄ መኖሩን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። «ሥራዎን ለመከታተል ብቻ ነው» ብሎ ገብቶ፣ በሩ ሲከፈት በማግስቱ ጥያቄ ይዞ መምጣት ሻጮች በየቀኑ የሚያደርጉት ነው፤ ሰዎች ማስታወሻን መጠራጠር የጀመሩትም ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ጥያቄ ካላችሁ መኖሩን፣ ስለ ምን እንደሆነና አጭር መሆኑን ተናገሩ። ተቀባይዋ ምን እንደምትቀበል አውቃ ትቀበል። ጥያቄ ከሌላችሁ ደግሞ «ሥራዎን መከታተል እፈልጋለሁ» በቂ ነው፤ ጥያቄ መፍጠር አያስፈልግም።

በእርግጥ የሚሸጥ ነገር ያለውስ? ይህን ከተማሪዎች በየጊዜው እጠየቃለሁ፤ ከመካከላችሁ የአፈር ምርመራ አገልግሎት ወይም የስልክ መተግበሪያ የጀመራችሁ አላችሁ። ለእነርሱ የምለው አጭር ነው። ሽያጩን በትውውቅ አትሸፍኑት። «እንዲህ ያለ አገልግሎት እሰጣለሁ» ብሎ በግልጽ የጻፈ ሰው ቢያንስ የተቀባዩን ጊዜ አያባክንም።

ወደ አጠራር ልለፍ፤ በአማርኛ የሚገጥም ጉዳይ ነውና። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። ሊንክድኢን ግን ስምን «መጠሪያ» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይከፍለዋል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በሥራ ቦታቸው በአባታቸው ስም መጠራት ለምደዋል። በአማርኛ እየጻፋችሁ «ዶክተር» ብላችሁ የአባታቸውን ስም ካስከተላችሁ ሌላ ሰው የጠራችሁ ያህል ይቆጠራል። በአማርኛ ከሆነ በራሳቸው ስም፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ገጻቸው ላይ ባለው ልማድ ጥሩ። የአክብሮቱ «እርስዎ» ሌላም ጥቅም አለው። ጾታን ስለማይለይ ከስሙ ብቻ ወንድ ይሁኑ ሴት መለየት በማትችሉበት ጊዜ ከስሕተት ያድናችኋል። በዕድሜ እኩያችሁ ለሆነ ተማሪም ቢሆን በመጀመሪያው ማስታወሻ «እርስዎ» ብትሉ አይከፋም፤ «አንተ» ለመባባል ጊዜ አለ። ዲግሪውን ሳታረጋግጡ «ዶክተር» ወይም «ፕሮፌሰር» አትበሉ። ላልያዘው ሰው የተሰጠ ማዕረግ እንደ ሙገሳ ይቆጠራል፤ ለያዘው ሰው ሳይሰጥ ከቀረ ደግሞ እንደ ንቀት።

ሰላምታን በተመለከተ ከባልደረቦቼ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አንዳንዶች 200 ፊደል ውስጥ «ጤና ይስጥልኝ» ቅንጦት ነው ይላሉ። ስምንት ፊደል ነው። ያለ ሰላምታ የተጀመረ የአማርኛ ጽሑፍ ትእዛዝ ይመስላል፤ ስምንቱን ፊደል ልንከፍለው ይገባል። በደብዳቤ የለመድነው «ለጤናዎ እንደምን አሉ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ግን እዚህ አይገባም። እሱ የሚተዋወቁ ሰዎች ሰላምታ ነው።

ከተቀባዩ ጋር የሚያገናኛችሁ ክር ባይኖርስ? የሚነበብ ጽሑፍ የሌለው፣ ገጹ ላይ የሥራ ቦታው ብቻ የተጻፈ ሰው ሊገጥማችሁ ይችላል። አንድ ጉባኤ ላይ ተገኝታችሁ ከነበረ ጉባኤውን ብቻ ሳይሆን ያ ሰው የተናገረውን ወይም የጠየቀውን አንድ ነገር ጥቀሱ። በአንድ ትምህርት ክፍል አልፋችሁ እንደሆነ ሁለታችሁም የምታውቁትን አንድ ትምህርት ወይም የመስክ ጣቢያ ጥቀሱ። «የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነን» ብቻውን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይመለከታል። ከዚህ ሁሉ አንዱንም ካጣችሁ ግን ማስታወሻ ሊያድናችሁ አይችልም። ያን ጊዜ የሚሻለው ጥያቄውን አለመላክ፣ ሰውየውን ዝም ብሎ መከተል፣ የሚናገረውን ማንበብ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ክሩ ሊገኝ ይችላል።

አማርኛ ለማያነብ ሰው ስትጽፉ ያው አወቃቀር ይሠራል፤ ቦታው ግን ይጠባል፤ ስለዚህ መውጣት ያለበት «ሥራዎን መከታተል እፈልጋለሁ» የሚለው ነው። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ክርና ጥያቄ መኖሩ ይቆዩ። ከአማርኛው ቃል በቃል አትተርጉሙ። «በትሕትና እጠይቃለሁ» ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ትሕትናው ይቀርና ልመናው ብቻ ይደርሳል።

አላላኩ ላይ የሚደርስ አንድ ጥፋት አለ። በኮምፒዩተር ላይ «Connect» የሚለውን ስትጫኑ «Add a note» እና «Send without a note» የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ። በስልክ ላይ ግን «Connect»ን ስትጫኑ ጥያቄው ያለ ማስታወሻ ወዲያው ሊሄድ ይችላል። ማስታወሻ ለመጨመር በመጀመሪያ «More» ውስጥ ገብቶ «Personalize invite» የሚለውን መፈለግ ያስፈልጋል። የአዝራሮቹ ቦታ አልፎ አልፎ ይቀየራል፤ ስለዚህ ማስታወሻውን በሌላ ቦታ ጽፎ፣ ቆጥሮ፣ በኮምፒዩተር መላክ የተሻለ ነው። ያለ ማስታወሻ ከሄደባችሁ መልሶ መውሰድ ይቻላል፤ ሆኖም ከወሰዳችሁት በኋላ ለዚያው ሰው እንደገና ለመላክ እስከ ሦስት ሳምንት መጠበቅ አለባችሁ። በምሳሌአችን ላለው ተማሪ ሦስት ሳምንት ማለት ከመስከረም ወደ ጥቅምት መግባት፣ ሰብሉም ማበቡን ማለፉ ነው።

መልስ ባይመጣ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ተቀባዩ «Ignore» ቢል ለላኪው ምንም አይነገረውም። ያልተመለሰ ጥያቄ ያልታየ ሊሆን ይችላል፤ ታይቶ የተተወም ሊሆን ይችላል። ለብዙ ሰዎች ልካችሁ አንዱም ካልተቀበላችሁ ግን ማስታወሻውን ወይም ከስማችሁ ሥር ያለውን መግለጫ መመርመር ይገባል። ተቀብለዋችሁ ጥያቄውን ካልመለሱላችሁ ደግሞ ማስታወሻው ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥያቄው ስለ ሰፋ ነው።

ስለዚህ ከተቀበሉ በኋላ የሚላከውን ላንሣና ላብቃ። ማስታወሻው ሲቀበሉት የመልእክት ልውውጡ የመጀመሪያ መልእክት ሆኖ ይቀመጣል፤ ተመራማሪዋ ከላይ ያዩታል። እንደገና ራስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ተማሪው በማግስቱ ይህን ይጽፋል፦ «ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። በጽሑፍዎ የሁለተኛው አንጓ ውፍረት መቼ እንደተለካ አላገኘሁም። ሲያብብ ነው ወይስ ሲበስል?» ይህ ጥያቄ በአንድ ቃል ይመለሳል። ሁለቱም መልሶች በጥያቄው ውስጥ ስላሉ ተመራማሪዋ በአውቶቡስ ላይ ሆነው፣ በስልካቸው፣ ሊመልሱት ይችላሉ። «ስለ አለካክ ዘዴዎች ያለዎትን ልምድ ቢያካፍሉኝ» ቢላቸው ኖሮ መልሱ አንድ ገጽ ስለሚሆን ለቅዳሜ ያስቀሩት ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። «ሲያብብ» የሚል መልስ ከመጣ ተማሪው መለኪያውን ይዞ በዚያው ሳምንት ወደ ማሳው ይወርዳል።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ ልቀበል።